ከመቶኛ ወደ ፎርሙላ፦ ኢምፔሪካልና ሞለኪዩላር ፎርሙላ አወጣጥ ደረጃ በደረጃ

በዚህ ጥያቄ ላይ ነጥብ የሚጥለው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ስሌቱን የማያውቅ አይደለም። ማካፈሉንም ማባዛቱንም ያውቃል። የሚሳሳተው በተሳሳተ አቶሚክ ማስ ሲያካፍል ወይም ያለ ቦታው ሲያጠጋጋ ነው። ሁለቱም ስህተቶች መጨረሻ ላይ የተስተካከለ ሙሉ ቁጥር ሊያስገኙ ስለሚችሉ ተማሪው ትክክል የሠራ መስሎት ያልፋል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ከእያንዳንዱ ደረጃ ጋር ስህተቱ ምን እንደሚመስልና በምን እንደሚታወቅ አብሮ ተጽፏል።

እስከ መጨረሻው የምንሠራበት ውህድ በቡናና በሻይ ውስጥ የሚገኘው ካፌይን ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ካፌይን በክብደት 49.48% ካርቦን፣ 5.19% ሃይድሮጅን፣ 28.85% ናይትሮጅን ይዟል፤ የቀረው ኦክስጅን ነው። ሞላር ማሱ 194.19 ግ/ሞል ነው። ኢምፔሪካልና ሞለኪዩላር ፎርሙላውን ፈልጉ።»

ኢምፔሪካል ፎርሙላ በውህዱ ውስጥ ያሉት አቶሞች በትንሹ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን ጥምርታ ያሳያል። ሞለኪዩላር ፎርሙላ ደግሞ በአንዱ ሞለኪዩል ውስጥ ከእያንዳንዱ ዓይነት ስንት አቶም እንዳለ በትክክል ይነግረናል። መቶኛው ብቻውን የሚያደርሰን እስከ መጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን ለማግኘት ሞላር ማስ ያስፈልጋል።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ካልኩሌተርና አቶሚክ ማስ የተጻፈበት ፔሪዮዲክ ቴብል ያዙ። አቶሚክ ማሶቹን ቢያንስ እስከ ሁለት አስርዮሽ ውሰዱ፤ ሃይድሮጅንን ግን 1.008 ብላችሁ ያዙት። ለዚህ ጥያቄ የሚያስፈልጉን እነዚህ ናቸው፦ ካርቦን 12.01፣ ሃይድሮጅን 1.008፣ ናይትሮጅን 14.01፣ ኦክስጅን 16.00።

ወረቀታችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር አንድ መስመር ስጡ። መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ በአምስት ዓምድ ክፈሉት፦ መቶኛ፣ ግራም፣ ሞል፣ ለትንሹ ሲካፈል፣ ሙሉ ቁጥር። ስሌቱን በየጥጉ የሚበትን ሰው ስህተቱ የት እንደገባ ማግኘት ያቅተዋል። በዓምድ የሠራ ግን ወደ ኋላ ሄዶ በአንድ እይታ ያገኘዋል።

## ደረጃ 1፦ መቶኛዎቹን ደምሩ

ምንም ከመሥራታችሁ በፊት የተሰጡትን መቶኛዎች ደምሩ።

49.48 + 5.19 + 28.85 = 83.52

ድምሩ 100 አልሞላም። የጎደለው 100 − 83.52 = 16.48 ነው፤ ይህም የኦክስጅን ድርሻ ነው። ጥያቄው «የቀረው ኦክስጅን ነው» ብሎ በአንድ አጭር ሐረግ ስለሚያልፈው ብዙ ሰው ኦክስጅንን ረስቶ በሦስት ንጥረ ነገሮች ብቻ ይሠራል።

ኦክስጅን አብዛኛውን ጊዜ በቅናሽ የሚገኝበት ምክንያት አለው። በላቦራቶሪ ናሙናው በንጹሕ ኦክስጅን ውስጥ ሲቃጠል ካርቦኑ ወደ CO₂፣ ሃይድሮጅኑ ወደ H₂O ይለወጣል፣ ናይትሮጅኑ ደግሞ N₂ ሆኖ ይለካል። በናሙናው ውስጥ የነበረው ኦክስጅን ግን ለማቃጠያ ከገባው ጋር ስለሚቀላቀል በዚያው መሣሪያ ለብቻው አይለካም። ስለዚህ ከ100 ላይ የቀረው ይወሰዳል። ይህን አስታውሱት፤ በሌሎቹ ላይ የተሠራ ጥቃቅን የልኬት ስህተት ሁሉ ተጠራቅሞ ኦክስጅን ላይ ይወድቃል። ደረጃ 5 ላይ ይመለስብናል።

ተጠንቀቁ፦ ድምሩ 99.9 ወይም 100.1 ቢሆን ልዩነቱ ከማጠጋጋት የመጣ ነው። 0.1 ጎደለ ብላችሁ ያልተጠቀሰ ንጥረ ነገር አትጨምሩ። በሌላ በኩል ብዙ ሲጎድልና ጥያቄው የቀረው ምን እንደሆነ ሳይናገር ሲቀር፣ ኦክስጅን ነው ብላችሁ ከመቸኮላችሁ በፊት ጥያቄውን ከመጀመሪያው አንብቡ። ክሎሪን ወይም ሰልፈር ከላይ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተጠቅሶ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 2፦ መቶኛውን ወደ ግራም ለውጡ

100 ግራም ካፌይን እንዳላችሁ አድርጋችሁ ውሰዱ። ያኔ መቶኛው ራሱ ግራም ይሆናል፦ 49.48 ግራም ካርቦን፣ 5.19 ግራም ሃይድሮጅን፣ 28.85 ግራም ናይትሮጅን፣ 16.48 ግራም ኦክስጅን። 50 ግራም ብትወስዱም መልሱ ያው ነው፤ 100 የሚመረጠው ስሌት ስለሚያስቀር ብቻ ነው።

ጥያቄው ከመቶኛ ይልቅ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር ግራም ከሰጣችሁ ወደ መቶኛ መለወጥ አያስፈልግም። በቀጥታ ወደ ደረጃ 3 እለፉ። የተሰጣችሁ ውህዱ ሲቃጠል የወጣው የCO₂ እና የH₂O ግራም ከሆነ ግን መጀመሪያ ካርቦኑንና ሃይድሮጅኑን ከውስጣቸው አውጡ። የCO₂ን ግራም በ12.01/44.01፣ የH₂Oን ግራም በ2.016/18.02 አባዙ። የCO₂ን ግራም እንዳለ እንደ ካርቦን አድርጎ መውሰድ ስሌቱን ከመነሻው ያበላሸዋል።

## ደረጃ 3፦ ግራምን ወደ ሞል ለውጡ

ፎርሙላ የሚቆጥረው አቶሞችን ነው፤ በእጃችን ያለው ግን ክብደት ነው። አንድ ኪሎ ምስርና አንድ ኪሎ ባቄላ ክብደታቸው እኩል ቢሆንም የፍሬያቸው ብዛት እንደሚለያይ ሁሉ፣ የአንድ ግራም ሃይድሮጅንና የአንድ ግራም ካርቦን አቶሞችም በቁጥር እኩል አይደሉም። ክብደቱን በአቶሚክ ማስ ስናካፍል ወደ ብዛት እንሻገራለን።

ካርቦን፦ 49.48 ÷ 12.01 = 4.120 ሞል
ሃይድሮጅን፦ 5.19 ÷ 1.008 = 5.149 ሞል
ናይትሮጅን፦ 28.85 ÷ 14.01 = 2.059 ሞል
ኦክስጅን፦ 16.48 ÷ 16.00 = 1.030 ሞል

እዚህ አታጠጋጉ። ከነጥቡ በኋላ ቢያንስ ሦስት አኃዝ ይዛችሁ ቀጥሉ። 4.120ን 4፣ 5.149ን 5 ማለት እዚህ ደረጃ ላይ ፈጽሞ ትርጉም የለውም፤ ቁጥሮቹ ገና ጥምርታ አልሆኑም።

### በዚህ ደረጃ የሚሠራው ትልቁ ስህተት

ናይትሮጅን N₂፣ ኦክስጅን O₂፣ ሃይድሮጅን H₂ ሆነው እንደሚገኙ ስለተማርን እጃችን በ28.02፣ በ32.00፣ በ2.016 ወደ ማካፈል ይሄዳል። ያ ልክ የሚሆነው ጋዞቹ ለብቻቸው ሲሆኑ ነው። በካፌይን ውስጥ ያለው ናይትሮጅን N₂ አይደለም፤ ከካርቦን ጋር የተያያዘ አንድ አንድ አቶም ነው። የምንቆጥረው አቶም ስለሆነ የምናካፍለውም በአንዱ አቶም ማስ ነው።

ስህተቱን ሠርተን ውጤቱን እንየው። ናይትሮጅንን ብቻ በ28.02 ብናካፍል 28.85 ÷ 28.02 = 1.030 ይመጣል። ይህ ከኦክስጅኑ ጋር እኩል ስለሆነ ጥምርታው 4 : 5 : 1 : 1 ይሆንና C₄H₅NO እንጽፋለን። አንድም ክፍልፋይ የለበትም፤ ቁጥሮቹን ብቻ አይቶ የሚጠረጥር ሰው አይኖርም። ሦስቱንም በጥንድ ብናካፍል ደግሞ C₈H₅N₂O ይወጣል፤ እሱም ጥርት ያለ ሙሉ ቁጥር ነው፤ እሱም ስህተት ነው።

ከዚህ የምትይዙት፣ ሙሉ ቁጥር መውጣቱ የትክክለኛነት ማስረጃ እንዳልሆነ ነው። ማስረጃው ደረጃ 6 እና 7 ላይ ነው የሚገኘው፤ ሁለቱን የተሳሳቱ ፎርሙላዎች እዚያ ይዘናቸው እንሄዳለን።

## ደረጃ 4፦ ሁሉንም ለትንሹ ሞል አካፍሉ

ከአራቱ ትንሹ የኦክስጅኑ 1.030 ነው። ኦክስጅንን ራሱን ጨምሮ አራቱንም በእሱ አካፍሉ።

ካርቦን፦ 4.120 ÷ 1.030 = 4.000
ሃይድሮጅን፦ 5.149 ÷ 1.030 = 4.999
ናይትሮጅን፦ 2.059 ÷ 1.030 = 1.999
ኦክስጅን፦ 1.030 ÷ 1.030 = 1.000

ትንሹን ስትመርጡ የሞሉን ዓምድ ተመልከቱ። የግራሙን ዓምድ አይቶ መምረጥ የተለመደ ስህተት ነው። በካፌይን በግራም ትንሹ ሃይድሮጅን ነው፣ በሞል ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። በትልቁ አካፍላችሁ ከሆነ ከ1 ያነሱ ቁጥሮች ስለሚወጡ ወዲያው ይታወቃል።

## ደረጃ 5፦ ወደ ሙሉ ቁጥር አድርሱ

የካፌይኑ ዕድለኛ ነው፤ 4.999 5 እንደሆነ፣ 1.999 2 እንደሆነ ግልጽ ነው። ኢምፔሪካል ፎርሙላው C₄H₅N₂O ይሆናል። ሁሉም ውህድ ግን እንዲህ አይገራም፤ ስለዚህ በዚህ ደረጃ ለአፍታ ወደ ሌላ ውህድ እንሻገር።

ቫይታሚን ሲ 40.92% ካርቦን፣ 4.58% ሃይድሮጅን፣ 54.50% ኦክስጅን ነው፤ ሞላር ማሱ 176.12 ነው። ወደ ሞል ስንለውጠው ካርቦን 3.407፣ ሃይድሮጅን 4.544፣ ኦክስጅን 3.406 ይሆናል። ለትንሹ ስናካፍል፦

ካርቦን 1.000፣ ሃይድሮጅን 1.334፣ ኦክስጅን 1.000

1.334ን ምን እናድርገው? ወደ 1 አይጠጋጋም። አንድ ሦስተኛ በላዩ ያለበት ቁጥር ስለሆነ ሁሉንም በ3 እናባዛለን፦ 3.000፣ 4.002፣ 3.000። ፎርሙላው C₃H₄O₃ ነው።

ከነጥቡ በኋላ ያለውን አይታችሁ በምን እንደምታባዙ ወስኑ፦

- .50 አካባቢ ከሆነ ሁሉንም በ2 አባዙ፤
- .33 ወይም .67 አካባቢ ከሆነ በ3፤
- .25 ወይም .75 አካባቢ ከሆነ በ4፤
- .20፣ .40፣ .60 ወይም .80 አካባቢ ከሆነ በ5።

የምታባዙት ክፍልፋይ ያለበትን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ነው። ሃይድሮጅኑን ብቻ በ3 አባዝቶ CH₄O ብሎ የሚጽፍ አለ፤ ያ ሜታኖል ነው፣ ቫይታሚን ሲ አይደለም።

መቼ ነው ማጠጋጋት የሚፈቀደው? እኔ የምከተለው ልማድ ይህ ነው፦ ቁጥሩ ከሙሉ ቁጥር በ0.05 ወይም ከዚያ ባነሰ ከራቀ አጠጋጋለሁ። በ0.1 ገደማ ከራቀ ስሌቱን መልሼ አያለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ማባዣ እፈልጋለሁ።

### ቀድሞ ማጠጋጋት ምን ያመጣል?

በቫይታሚን ሲ ላይ ሞሎቹን 3.4፣ 4.5፣ 3.4 ብሎ ያጠጋጋ ሰው 4.5 ÷ 3.4 = 1.32 ያገኛል። ያን ደግሞ 1.3 ካለው በ10 አባዝቶ C₁₀H₁₃O₁₀ ይጽፋል። ማባዣችሁ ከ5 ወይም ከ6 በላይ ሲሄድ፣ በተለይም 10 ሲሆን፣ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና አኃዝ ጥላችሁ እንደሆነ ፈትሹ።

### ሁሉም ቁጥር በእኩል ከፍ ብሎ ሲገኝ

ይህን ችግር በመልመጃ ላይ ሳይሆን በራሳችሁ የላቦራቶሪ ልኬት ላይ ታገኙታላችሁ። የካፌይን ናሙና ተመርምሮ ካርቦን 49.70%፣ ሃይድሮጅን 5.25%፣ ናይትሮጅን 29.00% ወጣ እንበል። ሦስቱም ከትክክለኛው በጥቂቱ ከፍ ስላሉ በቅናሽ የሚገኘው ኦክስጅን ወደ 16.05% ይወርዳል። ሞሎቹ 4.138፣ 5.208፣ 2.070፣ 1.003 ናቸው። ለትንሹ ስናካፍል፦

ካርቦን 4.126፣ ሃይድሮጅን 5.192፣ ናይትሮጅን 2.064፣ ኦክስጅን 1.000

5.192ን ያየ ሰው «.20 ነው፣ በ5 ላባዛ» ሊል ይችላል። አትቸኩሉ። ሦስቱም ከሙሉ ቁጥር በላይ ናቸው፣ የበለጡትም ከ3 እስከ 4 በመቶ ባለው ተቀራራቢ መጠን ነው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ በተመሳሳይ መጠን ሲያዘነብሉ የሚጠረጠረው የሁሉም አካፋይ የሆነው ቁጥር ነው፤ እዚህ ኦክስጅኑ። ስለዚህ በሌላው አካፍሉ። በናይትሮጅኑ አካፍለን በ2 ስናባዛ ካርቦን 3.998፣ ሃይድሮጅን 5.032፣ ናይትሮጅን 2.000፣ ኦክስጅን 0.969 ይሆናል። ጥምርታው 4 : 5 : 2 : 1 መሆኑ አሁን ታየ።

## ደረጃ 6፦ ፎርሙላውን ወደ መቶኛ መልሱት

ኢምፔሪካል ፎርሙላውን ጻፉና ማሱን አስሉ። ለC₄H₅N₂O፦

4 × 12.01 + 5 × 1.008 + 2 × 14.01 + 16.00 = 48.04 + 5.04 + 28.02 + 16.00 = 97.10

አሁን የእያንዳንዱን ድርሻ ለ97.10 አካፍላችሁ በ100 አባዙ። ካርቦን 49.47፣ ሃይድሮጅን 5.19፣ ናይትሮጅን 28.86፣ ኦክስጅን 16.48 ይወጣል። ከተሰጠው ጋር ያለው የ0.01 ልዩነት አቶሚክ ማሶቹን ካጠጋጋንበት የመጣ ስለሆነ አያሳስብም።

ይህን ፍተሻ ብዙዎች ጊዜ የሚፈጅ መስሏቸው ይዘሉታል። ሲዘሉት ምን እንደሚያልፋቸው እነሆ፦ ያ የተሳሳተው C₄H₅NO ማሱ 83.09 ነው፤ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን 14.01 ÷ 83.09 ማለትም 16.86% ብቻ ነው። የተሰጠን ግን 28.85% ነበር። ስህተቱ የት ንጥረ ነገር ላይ እንዳለ ሳይቀር ተጠቆመ ማለት ነው።

በቫይታሚን ሲ ላይ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። 1.334ን ወደ 1 አጠጋግቶ CHO ያለ ሰው የፎርሙላው ማስ 29.02 ይሆንለታል፤ 176.12 ÷ 29.02 = 6.07 ነውና «6 ነው» ብሎ C₆H₆O₆ ጽፎ ይጨርሳል። የሞላር ማሱ ፍተሻ ይህን ስህተት በግልጽ አልጮኸበትም። ወደ መቶኛ ቢመልሰው ግን የCHO ሃይድሮጅን 3.47% እንጂ 4.58% እንዳልሆነ ወዲያው ያያል። ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ሁለት አቶም ቢጎድልም አጠቃላይ ማሱ ብዙም አይነቃነቅም፤ የራሱ መቶኛ ግን በጣም ይለወጣል። ስለዚህ በዚህ ፍተሻ ላይ ዓይናችሁን መጀመሪያ በሃይድሮጅኑ ላይ ጣሉ።

## ደረጃ 7፦ ወደ ሞለኪዩላር ፎርሙላ ተሻገሩ

ፎርማልዴሃይድ፣ የኮምጣጤው አሴቲክ አሲድና ግሉኮስ ሦስቱም 40.00% ካርቦንና 6.71% ሃይድሮጅን ናቸው፤ ሦስቱም ኢምፔሪካል ፎርሙላቸው CH₂O ነው። መቶኛው ሊለያያቸው አይችልም። የሚለያቸው ሞላር ማስ ነው፦ 30.03፣ 60.05፣ 180.16።

ሞላር ማሱን በኢምፔሪካል ፎርሙላው ማስ አካፍሉ፦

n = 194.19 ÷ 97.10 = 2.00

አሁን በፎርሙላው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር በ2 አባዙ። C₄H₅N₂O ወደ C₈H₁₀N₄O₂ ይለወጣል። ቁጥር ያልተጻፈበት ኦክስጅን 1 እንደሆነ አትርሱ፤ እሱም ይባዛል። 2ን ከፊት አድርጎ 2C₄H₅N₂O ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ ያ ሁለት የተለያዩ ሞለኪዩሎች ማለት ነው።

በቫይታሚን ሲ ላይ C₃H₄O₃ ማሱ 88.06 ነው፤ 176.12 ÷ 88.06 = 2.00 ስለሆነ C₆H₈O₆ ይሆናል። n አንድ ሆኖ ከወጣ ኢምፔሪካሉና ሞለኪዩላሩ አንድ ናቸው፤ መልሱ ያ ነው፣ ምንም አልጎደለም።

ሞላር ማሱ በጥያቄው ካልተሰጠ ከሌላ መረጃ ይወጣል። ጋዝ ከሆነና በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በ1 አትሞስፌር የተለካ ጥግግት ከተሰጠ፣ የአንዱን ሊትር ግራም በ22.4 አባዙ። በላቦራቶሪ ማስ ስፔክትሮሜትር ይጠቅማል፤ የካፌይን ሞለኪዩል 194 ላይ ይታያል። የሚያስፈልገን ሙሉ ቁጥር የሆነ n ስለሆነ ሞላር ማሱ ሻካራ ቢሆንም ይሠራል። ልኬቱ 190 ቢል 190 ÷ 97.10 = 1.96 ነው፤ 2 ከማለት ሌላ አማራጭ የለውም።

### n ሙሉ ቁጥር አልሆን ሲል

n ን በግድ አታጠጋጉ። በC₄H₅NO የሠራ ሰው 194.19 ÷ 83.09 = 2.34 ያገኛል፤ በC₈H₅N₂O የሠራ ደግሞ 194.19 ÷ 145.14 = 1.34። ሁለቱም ደረጃ 3 ላይ በጥንድ ማስ መካፈሉን የሚያጋልጡ ናቸው። n ከ1 ካነሰ፣ ለምሳሌ በC₁₀H₁₃O₁₀ እንደሚሆነው 0.60 ከወጣ፣ ያለ ልክ አባዝታችኋል፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። .50 ይዞ ከመጣ ፎርሙላውን ሳያስፈልግ በ2 አባዝታችሁ እንደሆነ እዩ።

ተጠንቀቁ፦ ከአዮኖች የተሠሩ ውህዶች ሞለኪዩላር ፎርሙላ የላቸውም። የዝገት ዋና ክፍል የሆነውን የብረት ኦክሳይድ እንውሰድ፦ 69.94% ብረት፣ 30.06% ኦክስጅን። በ55.85 እና በ16.00 ስናካፍል 1.252 እና 1.879፣ ጥምርታው 1 : 1.50፣ በ2 ሲባዛ Fe₂O₃። ሥራው እዚህ ያበቃል። በጠጣሩ ውስጥ የሚቆጠር ለብቻው የቆመ ሞለኪዩል ስለሌለ ደረጃ 7 አይመለከተውም።

## ትልልቅ ሞለኪዩል ሲመጣ፦ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት

እስካሁን ያለው ዘዴ በጥሩ ሁኔታ የሚሠራው ትንሹ ሞል ከሌሎቹ በጣም ሳያንስ ሲቀር ነው። ኮሌስትሮል 83.87% ካርቦን፣ 11.99% ሃይድሮጅን፣ 4.14% ኦክስጅን ነው፤ ሞላር ማሱ 386.66 ነው። ሞሎቹ 6.983፣ 11.895 እና 0.2588 ናቸው። ለትንሹ ስናካፍል ካርቦን 26.98፣ ሃይድሮጅን 45.96 ይወጣልና C₂₇H₄₆O እንላለን።

አሁን ኦክስጅኑ በልኬት ምክንያት 4.14 መሆኑ ቀርቶ 4.30 ቢሆንስ? ሞሉ 0.2688 ይሆናል፤ ካርቦኑ ደግሞ 25.98። 0.16 በምታህል ልዩነት አንድ ሙሉ ካርቦን ጠፋ፣ ጥምርታውም 26 ነው ብሎ ያሳምናል። የኬሚስትሪ ጆርናሎች በዚህ ዓይነት ልኬት ላይ እስከ 0.4 ልዩነትን እንደ ተቀባይነት ወሰን ሲጠቀሙበት ኖረዋልና፣ 0.16 ከጥሩ ላቦራቶሪም ሊመጣ የሚችል ነው።

ሞላር ማሱን በትክክል ካወቃችሁ በትንሹ ማካፈሉን ተዉት። የእያንዳንዱን መቶኛ በሞላር ማሱ አባዙ፣ ለ100 አካፍሉ፣ ከዚያ ለአቶሚክ ማሱ አካፍሉ፦

ካርቦን፦ 83.87 × 386.66 ÷ 100 ÷ 12.01 = 27.00
ሃይድሮጅን፦ 11.99 × 386.66 ÷ 100 ÷ 1.008 = 45.99
ኦክስጅን፦ 4.14 × 386.66 ÷ 100 ÷ 16.00 = 1.00

ሞለኪዩላር ፎርሙላው በቀጥታ ወጣ። ኢምፔሪካሉን ከፈለጋችሁ ቁጥሮቹን በጋራ አካፋያቸው ቀንሱ። በዚህ መንገድ ኦክስጅኑ 4.30 ቢሆን እንኳ 1.04 ይመጣል፤ ስህተቱ እዚያው ኦክስጅኑ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ካርቦኑ አይሻገርም። የካፌይኑንም በዚሁ ፈትሹት፤ 8.00፣ 10.00፣ 4.00 እና 2.00 ታገኛላችሁ። ነገር ግን ይህ መንገድ ሻካራ ሞላር ማስ አይችልም። 380 ይዞ የገባ ሰው ለካርቦኑ 26.5 ያገኝና የቱን እንደሚመርጥ ግራ ይገባዋል።

መቶኛ ብቻ ይዛችሁ ትልቅ ሞለኪዩል ላይ አትፍረዱ። አንድ CH₂ የሚጨምረው C₂₈H₄₈O በስሌት 83.93% ካርቦንና 12.08% ሃይድሮጅን ነው፤ ከኮሌስትሮል የሚለየው በ0.06 እና በ0.09 ብቻ ስለሆነ ማቃጠያው መሣሪያ ሁለቱን አይለያቸውም። የC₂₈H₄₈O ሞላር ማስ 400.69 ስለሆነ ግን ማስ ስፔክትሮሜትር ላይ በ14 ተራርቀው ይታያሉ።